«ተማሪ ተኮር» ዘዴ እንጂ ዓላማ አይደለም፦ ስለ ሦስት የትምህርት ፍልስፍናዎችና ስለ አንድ ትምህርት ቤት ዕቅድ

ጥያቄ፦ «የአንድ መንግሥት ትምህርት ቤት ምክትል ርዕሰ መምህር ነኝ። እስከ 8ኛ ክፍል እናስተምራለን፤ በአንድ ክፍል 60 ያህል ተማሪ አለን። በአምስት ዓመት ስትራቴጂክ ዕቅዳችን ላይ የትምህርት ቤቱን ዓላማ በሦስት ነጥብ ጽፈናል፦ ተማሪ ተኮር ትምህርት መስጠት፣ መሠረታዊ ዕውቀትን በብቃት ማስጨበጥ፣ ዘመን የማይሽራቸውን እሴቶች ማውረስ። አንድ መምህር ግን ሦስቱ ከሦስት ፍልስፍናዎች የመጡና እርስ በርስ የሚጋጩ ናቸው አለ። ኢሴንሺያሊዝምና ፔረኒያሊዝም አንድ እንደሆኑ፣ ሁለቱም ጊዜ ያለፈባቸው መምህር ተኮር አስተሳሰቦች እንደሆኑም ተናገረ። እውነት ነው? የትኛውን እንያዝ?»

መምህሩ በአንዱ ልክ ነው፤ በሁለቱ ተሳስቷል። ሦስቱ ነጥቦች በእርግጥ ከሦስት የተለያዩ ፍልስፍናዎች የተቀዱ ናቸው፤ የመጀመሪያው ከፕሮግረሲቪዝም፣ ሁለተኛው ከኢሴንሺያሊዝም፣ ሦስተኛው ከፔረኒያሊዝም። ኢሴንሺያሊዝምና ፔረኒያሊዝም ግን አንድ አይደሉም፤ «ጊዜ ያለፈባቸው» የሚለው ፍርድም ከታሪኩ ጋር አይገጥምም፤ ኢሴንሺያሊዝም በዚህ ስም የተደራጀው ከፕሮግረሲቪዝም በኋላ፣ ለእሱ መልስ ሆኖ ነውና። ከዚህ ክርክር በፊት ግን መታረም ያለበት ስህተት በመግለጫችሁ ውስጥ አለ፤ የመጀመሪያው ነጥብ ዓላማ አይደለም። «ተማሪ ተኮር» የሚለው አነጋገር መምህሩና ተማሪው ክፍል ውስጥ እንዴት እንደሚሠሩ ይገልጻል እንጂ ተማሪው ትምህርቱን ሲጨርስ ምን ዐውቆ፣ ምን መሥራት ችሎ እንደሚወጣ አይናገርም። ዘዴን በዓላማ ቦታ ያስቀመጠ ትምህርት ቤት ዘዴው ውጤት ማምጣት አለማምጣቱን የሚለይበት መመዘኛ አይኖረውም፤ ተማሪዎቹ በቡድን ከተቀመጡ ዓላማው እንደተሳካ ይቆጠራል።

ሦስቱን ፍልስፍናዎች ለመለየት ለእያንዳንዳቸው አንድ ጥያቄ ማቅረብ ይበቃል፤ ተማሪው ሊማር የሚገባውን የሚወስነው ምንድን ነው? የኢሴንሺያሊዝም መልስ «ማኅበረሰቡ እስከ ዛሬ ያከማቸውና ዛሬ ለመኖር የሚያስፈልገው ዕውቀት» የሚል ነው። በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የመምህራን ኮሌጅ ፕሮፌሰር የነበረው ዊልያም ባግሊ ይህን አቋም በሰነድ መልክ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1938 አትላንቲክ ሲቲ በተባለችው የአሜሪካ ከተማ ነበር። ማንበብ፣ መጻፍ፣ ስሌት፣ ታሪክ፣ ጂኦግራፊና ሳይንስ በቅደም ተከተል፣ ለሁሉም ልጅ፣ በጋራ መለኪያ ይሰጡ የሚል ነው። ባግሊን ወደዚህ የገፋፋው ነገር ግልጽ ይሆን ዘንድ ከ20 ዓመት በፊት የወጣ አንድ ሰነድ ማስታወስ ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. በ1918 አንድ የአሜሪካ የትምህርት ኮሚሽን ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ሰባት ዓላማዎችን ዘረዘረ፤ ጤና፣ የመሠረታዊ ክህሎቶች ብቃት፣ መልካም የቤተሰብ አባልነት፣ ሙያ፣ ዜግነት፣ የትርፍ ጊዜ መልካም አጠቃቀምና ግብረ ገብ። ከሰባቱ ውስጥ በቀጥታ የማንበብን፣ የመጻፍንና የስሌትን ችሎታ የሚነካው አንዱ ብቻ ነው። ዓላማው እንዲህ ሲጻፍ ታሪክም ሆነ አልጀብራ በራሱ መቆሚያ አጥቶ፣ ለሌላ ነገር ማገልገሉን እያስረዳ ቦታውን መለመን ነበረበት።

ስለ ባግሊ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ነገር አለ። በ1920ዎቹ ልጆች በአእምሮ ምዘና ውጤት ተለይተው ደካማ የተባሉት ቀለል ያለ ትምህርት ይሰጣቸው የሚለውን አሠራር አጥብቆ የተቃወመ ሰው ነው። ለሁሉም የጋራ ትምህርት ይኑር ያለው ደካማ የተባለውን ልጅ ከዕውቀቱ ላለማግለል ጭምር ነበር። ይህ ሐሳብ በእኛ ክፍሎች ውስጥ ክብደቱ ይጨምራል እላለሁ፤ ቤቱ መጽሐፍ ያለውና ወላጁ የሚያስጠናው ልጅ ትምህርት ቤት የተወለትን ክፍተት ከቤቱ ይሞላል፤ ያ የሌለው ልጅ ግን የሚያገኘው እዚያው ክፍል ውስጥ የተሰጠውን ብቻ ነው። ስለዚህ ይህን ፍልስፍና «መምህር ተኮር» ብሎ ብቻ ማለፍ ዋናውን ምክንያቱን መዝለል ነው።

ፔረኒያሊዝም ለዚያው ጥያቄ የሚሰጠው መልስ ሌላ ነው፤ «በየትኛውም ዘመንና ቦታ የማይለወጠው የሰው ተፈጥሮ» ይላል። በ1929 ገና በ30 ዓመቱ የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንት የሆነው ሮበርት ሃቺንስ በ1936 ያቀረበው ሙግት ሰንሰለት ነው፤ ማስተማር ዕውቀትን ይጠይቃል፣ ዕውቀት እውነት ነው፣ እውነት በሁሉም ቦታ አንድ ነው፣ ስለዚህ ትምህርትም በሁሉም ቦታ አንድ ሊሆን ይገባል። በኢሴንሺያሊስቱና በፔረኒያሊስቱ መካከል ያለው ርቀት በአንድ ምሳሌ ይታያል። በ1983 የአሜሪካ መንግሥት ያቋቋመው ኮሚሽን የአገሪቱ ትምህርት አደጋ ላይ ነው ብሎ ሪፖርት ሲያወጣ፣ ማንኛውም የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሊወስደው ይገባል ባለው ዝርዝር ውስጥ ከአራት ዓመት እንግሊዝኛና ከሦስት ዓመት ሒሳብ ጎን ለጎን የግማሽ ዓመት የኮምፒውተር ትምህርት አስገባ። ለኢሴንሺያሊስት ይህ ምንም አያስቸግርም፤ ዘመኑ የጠየቀው ነገር መሠረታዊ ይሆናልና ዝርዝሩ ይለወጣል። ለፔረኒያሊስት ግን ዘመን የጠየቀው ሁሉ ዘመን የሚሽረው ነው፤ በትምህርት ዓላማ ውስጥ ቦታ የለውም።

በዘዴም አይመሳሰሉም። ከ1937 ጀምሮ በአሜሪካ አናፖሊስ የሚገኘው ሴንት ጆንስ ኮሌጅ በዚህ ፍልስፍና ሲመራ፣ ተማሪዎቹ ዘመናትን የተሻገሩ ሥራዎችን አንብበው በጠረጴዛ ዙሪያ ይወያያሉ፤ የአስተማሪው ሥራ በዋናነት መጠየቅ ነው። ይህን «መምህር ተኮር» ማለት አይቻልም። በሥልጠናዎች ላይ የአብነት ትምህርታችንን የፔረኒያሊዝም ምሳሌ ማድረግ የተለመደ ነው፤ እኔ ግን በጥንቃቄ እንዲያዝ እመክራለሁ። ዳዊት መድገም የቃል ጥናት ነው፤ ቅኔ ቤት የገባ ተማሪ ግን ሌላው የቆጠረውን ደግሞ አያልፍም፤ የራሱን አዲስ ቅኔ ቆጥሮ ለመምህሩ ይነግርና ይታረማል። በአንድ ሥርዓት ውስጥ ሁለት የተለያዩ የመማር ጠባዮች አሉ፤ በአንድ የባዕድ ስያሜ መጠቅለል ሁለቱንም ያደበዝዛል።

ፕሮግረሲቪዝም ተማሪው ሊማር የሚገባውን የሚወስነውን ነገር የሚያገኘው ተማሪው ካለበት ልምድና ማኅበረሰቡ ካለው ዕውቀት መገናኛ ላይ ነው። አሜሪካዊው ፈላስፋ ጆን ዱዊ በ1896 በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ባቋቋመው የሙከራ ትምህርት ቤት ልጆች ምግብ ያበስሉ፣ ይሸምኑ፣ እንጨት ይሠሩ ነበር፤ ነገር ግን ማብሰሉ ወደ ልኬትና ወደ ኬሚስትሪ፣ ሽመናው ወደ ታሪክ እንዲያደርስ ታስቦ ነበር። «ልጁ የወደደውን ይሥራ» የሚለው አተረጓጎም ከዱዊ የወጣ አይደለም። እንዲያውም ባግሊ ሰነዱን ባቀረበበት በዚያው በ1938 ዱዊ ራሱ በስሙ የሚምሉትን ትምህርት ቤቶች ተችቷል፤ ልምድ ሁሉ አያስተምርም፣ ወደፊት የሚመጣውን ልምድ የሚያጠብ ወይም የሚያደነዝዝ ልምድ ጎጂ ነው ብሏል። ለእርስዎ ጥያቄ ይበልጥ የሚጠቅመው ግን በ1916 ስለ ዓላማ የጻፈው ነው። ዱዊ እንደሚለው ትምህርት በራሱ ዓላማ የለውም፤ ዓላማ ያላቸው ሰዎች ናቸው፤ ወላጆችና መምህራን። ከውጭ ተደንግጎ የሚወርድ ዓላማ ደግሞ የመምህሩን ዐይን ከፊቱ ካለው ልጅ ያነሳል። ስለዚህ ፕሮግረሲቭ ዓላማን በአምስት ዓመት ዕቅድ ላይ በቋሚነት መጻፍ ከሦስቱ ሁሉ ከባዱ ነው፤ «ተማሪ ተኮር» የሚል ባዶ ቃል በየሰነዱ የሚበዛውም ከዚህ የተነሣ ይመስለኛል።

ግጭቱ አለ ወይስ የለም የሚለው በቃል ደረጃ አይፈታም፤ በክፍለ ጊዜ ሲመነዘር ግን ይታያል። ለ7ኛ ክፍል ስለ ዓድዋ ጦርነት ስድስት ክፍለ ጊዜ፣ እያንዳንዱ 40 ደቂቃ፣ በድምሩ 240 ደቂቃ አላችሁ እንበል። ሦስቱም ወገኖች በ1881 ዓ.ም. የተፈረመውን የውጫሌ ውል አንቀጽ 17 ማስተማር ይፈልጋሉ፤ የአማርኛው ቅጂ ንጉሠ ነገሥቱ ከሌሎች መንግሥታት ጋር ለሚኖራቸው ጉዳይ በጣሊያን በኩል መሄድን ለፈቃዳቸው የተወ ሲሆን የጣሊያንኛው ግዴታ አድርጎታል። ኢሴንሺያሊስቱ ሁሉም ተማሪ የሁለቱን ቅጂዎች ልዩነት እንዲያውቅ፣ ከአምባላጌ እስከ መቀሌ፣ ከመቀሌ እስከ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ያለውን ቅደም ተከተል በካርታ ላይ እንዲያሳይ፣ ምክንያትና ውጤቱን በአንድ አንቀጽ እንዲጽፍ ይፈልጋል፤ ሁሉም በአንድ ፈተና ይመዘናል። ፕሮግረሲቪስቱ ተማሪዎቹ ከሚያውቁት ውል ይነሣል፤ የቤት ኪራይ ወይም የብድር ውል ሁለት ሰዎች በሁለት መንገድ ሲረዱት ምን ይሆናል? ተማሪዎቹ ጠይቀው፣ አነጻጽረው፣ ከዚያ ወደ አንቀጽ 17 ይደርሳሉ። ጥያቄውን ለመቅረጽ አንድ፣ ለማጣራት ሦስት፣ ለማቅረብ ሁለት ክፍለ ጊዜ ቢወስዱ ስድስቱ አለቁ፤ ስለ መቀሌ ከበባ ያልሰማ ተማሪ ሊኖር ይችላል። ፔረኒያሊስቱ ደግሞ የአንቀጹን ቃል አስነብቦ አንድ ጥያቄ ያነሣል፤ ዐፄ ምኒልክ በ1885 ዓ.ም. ውሉን መሻራቸውን ሲያሳውቁ ትክክል ነበሩ? ቃል የገባ ሰው ከቃሉ ነፃ የሚሆነው መቼ ነው? ለዚህ ጥያቄ የመልስ ቁልፍ የለም።

ሦስቱን ጎን ለጎን ስታስቀምጧቸው መደጋገፋቸው እኩል እንዳልሆነ ትገነዘባላችሁ። ውሉ ምን እንደሚል፣ ማን ከማን ጋር እንደተፈራረመ የማያውቅ ተማሪ ስለ ቃል መጠበቅ ሲወያይ ቀድሞ የሰማውን መፈክር ይደግማል፤ ካርታ ማንበብ የማይችል ተማሪም ምርመራ ሲሰጠው ከቡድኑ መሪ ይገለብጣል። ዕውቀቱ ለውይይቱም ለምርመራውም ቅድመ ሁኔታ ነው። በተቃራኒው ዘመኑንና የቦታውን ስም ብቻ ያጠና ተማሪ 1881 ብሎ በትክክል ይመልስና ለምን የሁለት ቃላት ልዩነት ጦር እንዳማዘዘ ማስረዳት ያቅተዋል፤ ይህኛው ጉድለት ምርጫ ብቻ ባለበት ፈተና ላይ ስለማይታይ ለዓመታት ሳይታወቅ ይቆያል።

የክፍላችሁ ብዛት ሌላው ገደብ ነው። 40 ደቂቃ ለ60 ተማሪ ሲካፈል ለአንዱ የሚደርሰው 40 ሴኮንድ ነው፤ መምህሩ አንድም ቃል ባይናገር እንኳ። ስለዚህ «ክፍሉ ተወያየ» የሚለው ሪፖርት ብዙውን ጊዜ አምስት ወይም ስድስት ተማሪዎች ተናገሩ ማለት ነው። የሚሠራው መንገድ በአንድ ጊዜ 20 ተማሪዎች በመሐል ተቀምጠው ሲወያዩ የቀሩት 40 የሰሙትን አንድ ሙግትና አንድ ተቃውሞ እንዲጽፉ ማድረግ፣ በሚቀጥለው ጽሑፍ ሌሎች 20 እንዲገቡ ማድረግ ነው። በሦስት ጽሑፎች ሁሉም አንዴ ይናገራል። የ«1 ለ 5» አደረጃጀት ይህን አይተካም፤ በዚያ መምህሩ ሁሉንም ቡድኖች በአንድ ጊዜ መስማት አይችልም።

ፕሮግረሲቭ ትምህርት ቤቶች ውጤት ያመጣሉ ለሚለው ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው በ1930ዎቹ በአሜሪካ የተካሄደው የስምንት ዓመት ጥናት ነው። 30 ያህል ትምህርት ቤቶች ከኮሌጅ መግቢያ መስፈርት ነፃ ተደርገው የራሳቸውን ሥርዓተ ትምህርት እንዲሞክሩ ተፈቀደላቸው፤ 1,475 ተመራቂዎቻቸው ከሌላ ትምህርት ቤት ከመጡ አቻዎቻቸው ጋር ጥንድ በጥንድ ሲነጻጸሩ በኮሌጅ እኩል ወይም በመጠኑ የተሻለ ውጤት አስመዘገቡ። ጥናቱ ዋጋ ያለው ነው፤ ነገር ግን ትምህርት ቤቶቹ የተመረጡ፣ መምህራኑም ለሙከራው ጊዜና ድጋፍ ያገኙ ነበሩ። ከዚያ ተነሥቶ 60 ተማሪ ላለው፣ የመማሪያ መጽሐፍ ለሚያጥረው ክፍል ተመሳሳይ ውጤት መጠበቅ ከማስረጃው በላይ መሄድ ነው።

የመምህራናችሁ ግራ መጋባት ከሰነዶቹም ይመጣል። በ1986 ዓ.ም. ወጥቶ እስከ 2015 ዓ.ም. ያገለገለው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ከአጠቃላይ ዓላማዎቹ መጀመሪያ ያስቀመጠው የግለሰቦችን አካላዊና አእምሯዊ አቅም እንዲሁም ችግር የመፍታት ችሎታ ማጎልበት ነው፤ ቃሉ ለፕሮግረሲቪዝም የቀረበ ነው። ለየክፍሉ የተዘጋጀው የዝቅተኛ የመማር ብቃት ዝርዝርና የ8ኛ ክፍል ክልላዊ ፈተና ግን በኢሴንሺያሊዝም አስተሳሰብ የተሠሩ ናቸው። መምህሩ በአንዱ ቋንቋ ሠልጥኖ በሌላው ይገመገማል። ይህን ቅራኔ እናንተ አትፈቱትም፤ በዕቅዳችሁ ውስጥ ግን አታባዙት።

ስለዚህ ምክሬ ግልጽ ነው፤ ኢሴንሺያሊዝምን መሠረት አድርጉ፤ ሌሎቹን ሁለቱን በተወሰነ ሰዓትና በተወሰነ ቦታ አስገቡ። ይህ አዲስ ሐሳብ አይደለም። የሃቺንስ የሥራ ባልደረባ የነበረው ሞርቲመር አድለር በ1982 ለአሜሪካ ትምህርት ቤቶች ባቀረበው ዕቅድ ለሁሉም ልጅ አንድ ዓይነት የ12 ዓመት ትምህርት ሲጠይቅ ሥራውን በሦስት ከፍሎታል፤ ዕውቀት በገለጻ፣ ክህሎት በልምምድና በእርማት፣ ሐሳብ በጥያቄና በውይይት። ፔረኒያሊስት ሆኖ ሳለ ገለጻንም ልምምድንም አልጣለም፤ ለእያንዳንዱ የራሱን ሰዓት ሰጠው እንጂ። በዓድዋ ምሳሌ ሦስት ክፍለ ጊዜ ለገለጻና ለንባብ፣ አንድ ለካርታና ለአንቀጽ ልምምድ፣ አንድ ለውይይት፣ አንድ ለፈተናና ለእርማት ስጡ። የምርመራ ሥራውን ከዚህ አውጥታችሁ በሴሚስተር አንድ ጊዜ፣ ተማሪዎቹ ራሳቸው መረጃ ሊሰበስቡበት በሚችሉት የአካባቢ ጉዳይ ላይ፣ ለምሳሌ በትምህርት ቤቱ የውኃ አጠቃቀም ላይ፣ መቶኛና መለኪያ ከተማሩ በኋላ አድርጉት።

መግለጫውንም እንዲህ ጻፉት። አንደኛ፣ «ማንኛውም ተማሪ 8ኛ ክፍልን ሲጨርስ ከዚህ በፊት ያላየውን የአንድ ገጽ ጽሑፍ አንብቦ ፍሬ ሐሳቡን በራሱ አንቀጽ ይጽፋል፤ በክፍልፋይ፣ በመቶኛና በመለኪያ ይሠራል፤ የአገሩን ታሪክ ዐበይት ክንውኖች ከምክንያታቸውና ከውጤታቸው ጋር ያስረዳል።» ሁለተኛ፣ «በየሴሚስተሩ አንድ ጊዜ የተማረውን በአካባቢው ባለ ጉዳይ ላይ ሠርቶ ያሳያል።» ሦስተኛ፣ «ፍትሕን፣ ነፃነትንና ቃል መጠበቅን የሚያነሡ ጽሑፎችን አንብቦ አቋሙን በምክንያት ይከራከራል፤ የሌላውን ሙግት ሳያዛባ ይደግማል።» «ተማሪ ተኮር» የሚለው ወደ ማስተማሪያ ዘዴ ክፍል ይሂድ።

በሦስተኛው ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ። «ዘመን የማይሽራቸው እሴቶች» ሲባል የማን የሚለው ጥያቄ ወዲያው ይከተላል። ሃቺንስና አድለር በ1952 በ54 ቅጽ ያሳተሙት የታላላቅ ሥራዎች ስብስብ የምዕራቡን ዓለም ብቻ የያዘ ነበር፤ ሁለንተናዊ ነው የተባለ ዝርዝር የመራጮቹን ወሰን ይዞ መጣ። ልዩ ልዩ ቋንቋና እምነት ያላቸው ልጆች በሚማሩበት ትምህርት ቤት ምርጫውን ለአንድ መምህር ከተዋችሁት እንደዚያው ይሆናል። የቋንቋና የማኅበራዊ ሳይንስ መምህራን ከወላጆች ተወካዮች ጋር ተቀምጠው በዓመት ስድስት አጫጭር ጽሑፎች ይምረጡ፤ ተረቶችና የሽምግልና ታሪኮችም ይግቡበት፤ ዝርዝሩም በየዓመቱ ይታይ። «ማውረስ» የሚለውን ቃል ያወጣሁትም ሆን ብዬ ነው፤ የሚወርስ ተማሪ አይጠይቅም፤ ፔረኒያሊዝም ግን በጥያቄ የሚኖር ነው።

መግለጫው በተግባር ላይ መዋሉን የምታውቁት በግድግዳው ላይ በተለጠፈው ወረቀት ሳይሆን በፈተና ወረቀቶቻችሁ ነው። ያለፉትን ሦስት የ7ኛ ክፍል ማኅበራዊ ሳይንስ ፈተናዎች አውጡና እያንዳንዱ ጥያቄ ስም፣ ዘመን ወይም ቦታ ብቻ እንደሚጠይቅ ወይም ምክንያት እንደሚጠይቅ ቁጠሩ። ምክንያት የሚጠይቅ ከሌለ በየፈተናው አንድ የአንቀጽ ጥያቄ ይጨመር። ይህ ደግሞ ጊዜ ይበላል፤ አንዱን አንቀጽ ለማረም ሁለት ደቂቃ ቢፈጅ የ60 ተማሪ ወረቀት ሁለት ሰዓት፣ አምስት ክፍል ለሚያስተምር መምህር አሥር ሰዓት ይሆናል። ያ አሥር ሰዓት በዕቅዱ ውስጥ ከመምህሩ የሥራ ሰዓት ላይ ተቆጥሮ ይመደብ፤ ካልተገኘ በየፈተናው ሁለት ክፍል ብቻ አንቀጽ ይጻፍና ተራው ይዙር። እሱም ካልተቻለ «ከምክንያታቸውና ከውጤታቸው ጋር ያስረዳል» የሚለውን ከመግለጫው አውጡት።